ከልክ በላይ ጭነት፦ የአክስል ክብደት፣ የጭነት መኪና ልክና የሚኒባስ የሰው ቁጥር

በሳሊተ ምሕረት፣ በሲ.ኤም.ሲ. እና በአያት አካባቢ የመኖሪያ ቤትና የሕንፃ ግንባታ በስፋት ይካሄዳል። አሸዋ፣ ጠጠር፣ ድንጋይና ሲሚንቶ የጫኑ ገልባጭ መኪኖች ወደ መንደሮቹ የሚገቡት ከመገናኛ ተነሥተው ተሳፋሪ የሚያመላልሱ ሚኒባሶች በሚሄዱበት ጎዳና ነው። የሁለቱም ዓይነት ተሽከርካሪዎች የመጫን ልክ በሕግ የተወሰነ ነው። ይህ ማብራሪያ ልኩ እንዴት እንደሚታወቅ፣ እንዴት እንደሚሰላ፣ ሲታለፍ በመንገዱና በተሳፋሪው ላይ ምን እንደሚያስከትል፣ እንዲሁም ግንባታ የሚያካሂድ ነዋሪና በታክሲ የሚገለገል ተሳፋሪ ልኩ መታለፉን በምን እንደሚለይ ይገልጻል።

መለየት ያለባቸው ክብደቶች

ስለ ጭነት ሲነገር አራት የተለያዩ መጠኖች ብዙ ጊዜ ይደባለቃሉ። የመጀመሪያው ተሽከርካሪው ምንም ሳይጭን የሚመዝነው ባዶ ክብደት ነው። ሁለተኛው በላዩ የሚጫነው የጭነት መጠን ነው። የሁለቱ ድምር ጠቅላላ ክብደት ይባላል። አራተኛው የአክስል ክብደት ሲሆን፣ ይህም ከጠቅላላው ክብደት ውስጥ በአንድ አክስል ላይ ባሉት ጎማዎች በኩል ወደ መንገዱ የሚያርፈው ድርሻ ነው።

የጭነት መጠን በተሽከርካሪው የባለቤትነት መታወቂያ ደብተር ማለትም በሊብሬው ላይ ይገኛል። በሀገራችን የጭነት መኪና ችሎታ በኩንታል መገለጹ የተለመደ ነው። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ግራም ስለሆነ፣ 100 ኩንታል የሚጭን ተሽከርካሪ 10 ቶን ይጭናል ማለት ነው። የአክስል ክብደት ግን በሊብሬ ንባብ ብቻ አይታወቅም። ጭነቱ በካሶኒው ላይ ወዴት እንደተቀመጠ የሚወስነው በመሆኑ፣ በእርግጠኝነት የሚታወቀው በሚዛን ነው።

የተፈቀደው የአክስል ክብደት

በኢትዮጵያ ሥራ ላይ ያለው ልክ ለፊተኛው፣ መሪ ለሚሽከረከርበት አክስል 8 ቶን፣ በየጎኑ ሁለት ሁለት ጎማ ላለው ነጠላ የኋላ አክስል ደግሞ 10 ቶን ነው። የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ (ኮሜሳ) አባል አገራት የተስማሙበት ልክም ለእነዚህ ሁለት ዓይነት አክስሎች ተመሳሳይ ነው። ጎን ለጎን የተጠጉ ጥንድ አክስሎችን በሚመለከት የኮሜሳው ልክ ለሁለቱ በአንድነት 16 ቶን፣ ለሦስት ተጠጋጊ አክስሎች ደግሞ በአንድነት 24 ቶን ነው። አክስሎች ሲጠጋጉ የአንዱ ጫና ከሌላው ጋር በመንገዱ ሥር ስለሚደራረብ፣ ለጥንዱ የሚፈቀደው ክብደት ከነጠላው እጥፍ ያነሰ ሆኗል።

ከዚህ ጎን ለጎን የሚታይ ሌላ ልክ አለ። አምራቹ ለእያንዳንዱ አክስል፣ ለባሌስትራው፣ ለጎማውና ለፍሬኑ የወሰነው የመሸከም አቅም ነው። ይህ አቅም ብዙውን ጊዜ በሾፌሩ በር አጠገብ ወይም በሻንሲው ላይ በተለጠፈ የብረት ሰሌዳ ላይ ይገኛል። በሕጉና በአምራቹ ልክ መካከል ልዩነት ሲኖር የሚያገለግለው ዝቅተኛው ነው። የፊት አክስሉ 6 ቶን ብቻ እንዲሸከም የተሠራ መካከለኛ የጭነት መኪና፣ መንገዱ 8 ቶን ስለሚፈቅድ ብቻ 8 ቶን ሊጫንበት አይገባም።

አንድ ቢያጆ አሸዋ፦ በምሳሌ የተሠራ ስሌት

በሳሊተ ምሕረት ቤት የሚሠራ አንድ ነዋሪ አሸዋ የሚገዛው ብዙውን ጊዜ በቢያጆ ነው። ቢያጆ የአንድ ጉዞ ጭነት እንጂ የተወሰነ መለኪያ አይደለም። የካሶኒው ስፋት ከመኪና መኪና ይለያያል፤ ስፖንዳው በጣውላ ወይም በላሜራ ተቀጥሎ ከፍ ሊደረግም ይችላል። ስለዚህ ስሌቱ የሚጀምረው ከካሶኒው ልኬት ነው።

ለምሳሌ ያህል ጠቅላላ የተፈቀደለት ክብደት 16 ቶን፣ ባዶ ክብደቱ 6 ቶን የሆነ ባለ ሁለት አክስል ገልባጭ መኪና ይወሰድ። ሊብሬው 100 ኩንታል ይላል። አምራቹ ለፊት አክስሉ 6 ቶን፣ ለኋላ አክስሉ 10 ቶን ወስኗል። መኪናው ባዶ ሳለ ከፊት 3.4 ቶን፣ ከኋላ 2.6 ቶን ያርፋል። በሁለቱ አክስሎች መካከል ያለው ርቀት 4 ሜትር ነው።

ካሶኒው 4 ሜትር ርዝመት፣ 2.3 ሜትር ወርድና 0.65 ሜትር ከፍታ ካለው፣ እስከ ስፖንዳው ጫፍ ተስተካክሎ ሲሞላ 6 ሜትር ኩብ ገደማ ይይዛል። ደረቅ አሸዋ በሜትር ኩብ 1.6 ቶን ገደማ ስለሚመዝን ጭነቱ 9.6 ቶን ወይም 96 ኩንታል ይሆናል። ከባዶው ክብደት ጋር ሲደመር 15.6 ቶን ነው። በጠቅላላ ክብደት ረገድ መኪናው በልኩ ውስጥ ነው።

ቀጥሎ የሚታየው ጭነቱ ለሁለቱ አክስሎች እንዴት እንደተከፋፈለ ነው። የአሸዋው ክምር መካከለኛ ነጥብ ከኋላው አክስል 1 ሜትር ወደ ፊት ቢሆን፣ ከ4 ሜትሩ አንድ አራተኛ በመሆኑ የጭነቱ አንድ አራተኛ ማለትም 2.4 ቶን ወደ ፊት አክስል፣ የቀረው 7.2 ቶን ወደ ኋላ አክስል ይሄዳል። የፊት አክስል 5.8 ቶን፣ የኋላው 9.8 ቶን ይሸከማል። ሁለቱም በልካቸው ውስጥ ናቸው።

ያው አሸዋ በጫኚው ማሽን ወደ ኋላ ተከምሮ፣ መካከለኛው ነጥብ ከኋላው አክስል 40 ሳንቲ ሜትር ብቻ ወደ ፊት ቢሆን ግን ወደ ፊት የሚሄደው የጭነቱ አንድ አሥረኛ ብቻ ነው። የፊት አክስል 4.4 ቶን ገደማ፣ የኋላው 11.2 ቶን ገደማ ይሸከማል። ጠቅላላው ክብደት አሁንም 15.6 ቶን ነው፤ ሊብሬውም አልተጣሰም። ሆኖም የኋላ አክስሉ ከተፈቀደው 10 ቶን በ1.2 ቶን በልጧል። አንድ ሾፌር «በሊብሬዬ ልክ ጭኛለሁ» እያለ በሚዛን ላይ ተላልፎ የሚገኝበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። መፍትሔው ጭነት መቀነስ ሳይሆን ከመነሻው አሸዋውን ወደ ፊት አስተካክሎ መጫን ነው።

ሦስተኛው ሁኔታ ስፖንዳው የተቀጠለበት ነው። የካሶኒው ከፍታ ከ65 ወደ 87 ሳንቲ ሜትር ሲያድግ የሚይዘው መጠን ወደ 8 ሜትር ኩብ ይደርሳል። አሸዋው ዝናብ የመታው ወይም ከወንዝ ገና የወጣ ከሆነ በሜትር ኩብ 1.8 ቶን ሊመዝን ስለሚችል፣ ጭነቱ 14.4 ቶን ወይም 144 ኩንታል ይሆናል። በትክክል ተስተካክሎ ቢጫን እንኳ የፊት አክስል 7 ቶን፣ የኋላው 13.4 ቶን ይሸከማል። ጠቅላላ ክብደቱ 20.4 ቶን ሲሆን፣ ከተፈቀደው በ4.4 ቶን ይበልጣል። የፊት አክስሉ ከመንገዱ የ8 ቶን ልክ ቢያንስም፣ ከአምራቹ የ6 ቶን ልክ አልፏል።

ከዚህ ስሌት አንድ ነገር በግልጽ ይታያል። የ22 ሳንቲ ሜትር ጣውላና የአሸዋው እርጥበት ተደምረው ሕጋዊውን ጭነት በግማሽ ጨምረውታል። ልዩነቱን በዓይን ብቻ መለየት አስቸጋሪ ነው።

መንገዱ ለምን እንደሚጎዳ

በመንገድ ምሕንድስና የሚሠራበት መሠረታዊ መለኪያ 8.16 ቶን የሚመዝን አክስል ነው። የሌሎች አክስሎች ጉዳት ከዚህ ጋር ይነጻጸራል። በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በተካሄደው ሰፊ የመንገድ ሙከራ እንደታየው፣ ጉዳቱ ከክብደቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ከክብደቱ እጅግ ይፈጥናል። በኢትዮጵያ የአስፋልት መንገድ ንድፍ መመሪያ የተወሰደው ስሌት የአክስሉን ክብደት ለ8.16 አካፍሎ ውጤቱን በ4.5 ኃይል ከፍ የሚያደርግ ነው።

በዚህ ስሌት ከላይ በመጀመሪያው ሁኔታ የተጠቀሰው 9.8 ቶን የኋላ አክስል በአንድ ጉዞ የመለኪያውን አክስል 2.3 እጥፍ ገደማ ይጎዳል። ወደ ኋላ ተከምሮ 11.2 ቶን የሆነው 4.2 እጥፍ ገደማ፣ ስፖንዳ የተቀጠለበት የ13.4 ቶን አክስል ደግሞ 9.3 እጥፍ ገደማ ይጎዳል። በሦስተኛው ሁኔታ ጭነቱ ከመጀመሪያው በግማሽ ቢበልጥም፣ የኋላ አክስሉ የሚያደርሰው ጉዳት ግን አራት እጥፍ ሆኗል።

«አንድ ጊዜ አብዝቶ መጫን ጉዞ ስለሚቀንስ መንገዱንም ያድናል» የሚለው አስተያየት በዚሁ ስሌት ሊፈተሽ ይችላል። 28.8 ቶን አሸዋ ለማድረስ ከልክ በላይ የጫነው መኪና ሁለት ጊዜ፣ በልክ የጫነው ሦስት ጊዜ ይመላለሳል። የሁለቱ ጉዞዎች የኋላ አክስል ጉዳት በድምር 18.6 ገደማ ሲሆን፣ የሦስቱ ሕጋዊ ጉዞዎች 7 ገደማ ብቻ ነው። የቀረው አንድ ጉዞ ያስገኘው የነዳጅ ቁጠባ ለባለ መኪናው ሲሆን፣ የመንገዱ ጥገና ወጪ ግን በሁሉም ላይ ያርፋል።

በቦሌና በምሥራቃዊው የአዲስ አበባ ክፍል በብዙ ቦታዎች ያለው አፈር ጥቁር ሸክላማ አፈር ነው። ይህ አፈር በክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ የመሸከም ኃይሉም ይቀንሳል። በበጋ ደግሞ ይሰነጠቃል። በመሆኑም በክረምት ወራት የሚያልፍ ከባድ አክስል የሚያደርሰው ጉዳት ከበጋው የከፋ ነው። ምልክቱ በቅድሚያ የሚታየው ጎማ በሚሄድበት መስመር ላይ ነው። አስፋልቱ በሁለት ቦይ ይጎደጉዳል፤ ቀጥሎ የአዞ ቆዳ የሚመስል ስንጥቅ ይታይበታል፤ በስንጥቁ ውኃ ሲገባ ጉድጓድ ይፈጠራል። በውስጥ ለውስጥ የኮብልስቶን መንገድ ላይ ድንጋዮቹ ይሰምጣሉ ወይም ይነቀላሉ። በመንገዱ ሥር የተቀበረ የውኃ ቧንቧና የፍሳሽ ማስተላለፊያ ክዳንም ይሰበራል።

የክብደት ቁጥጥር እንዴት እንደሚከናወን

በፌዴራል መንገዶች ላይ የክብደት መመዘኛ ጣቢያዎችን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው። ወደ አዲስ አበባ ከሚመጣው አሸዋ ከፊሉ የሚጫነው በስምጥ ሸለቆው ከመቂና ከላንጋኖ አካባቢ ነው። ይህን አሸዋ የጫኑ መኪኖች ወደ ከተማዋ ሲመጡ ሞጆን ያልፋሉ፤ በሞጆም የመመዘኛ ጣቢያ አለ።

በጣቢያው መኪናው በዝግታ ወደ ሚዛኑ ይገባና እያንዳንዱ አክስል ወይም ተጠጋጊ የአክስል ጥንድ ለየብቻው ይመዘናል። የየአክስሉ ውጤትና ድምሩ ይመዘገባል። ጠቅላላው ክብደት በልኩ ውስጥ ሆኖ አንድ አክስል ብቻ ከበለጠ፣ ጭነቱን በካሶኒው ላይ በማዘዋወር ሊስተካከል የሚችልበት ሁኔታ አለ። ጠቅላላው ክብደት ራሱ ከበለጠ ግን ማዘዋወር አይረዳም፤ ትርፉ መራገፍ ይኖርበታል። ከዚህ በተጨማሪ በሥራ ላይ ባለው ሕግ የተደነገገው ቅጣት ይፈጸማል። ሾፌሩ የሚዛን ወረቀቱን እስከ ማራገፊያው ድረስ መያዙ ለራሱም ለገዢውም ማስረጃ ይሆናል።

በከተማዋ ውስጥ ያለው ሁኔታ ከዚህ ይለያል። በየመንደሩ መግቢያ ቋሚ ሚዛን የለም። ከከተማዋ ወይም ከአቅራቢያዋ ካለ የድንጋይ ካባ ተጭኖ ወደ ሳሊተ ምሕረት የሚመጣ ጠጠር በየትኛውም የፌዴራል ጣቢያ ሳያልፍ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ በውስጥ መንገዶች ላይ የሚደረገው ቁጥጥር በዋናነት የሚታዩ ምልክቶችን፣ የሊብሬውን መረጃና የከተማው አስተዳደር ለከባድ ተሽከርካሪዎች ያወጣውን የሰዓት ገደብ መሠረት ያደረገ ነው።

ከሚታዩት ምልክቶች ዋነኛው ባሌስትራው ቅስቱን አጥቶ መዘርጋቱ ወይም ወደ ታች መቀልበሱ ነው። በኋላ የሚገኙት ጥንድ ጎማዎች ጎናቸው አብጦ እርስ በርስ መነካካታቸው፣ ከስፖንዳው ጫፍ በላይ ኮረብታ የሠራ ክምር መታየቱ፣ ሻንሲው ወደ ኋላ ማጋደሉና በቁልቁለት የተቃጠለ የፍሬን ሽታ መሰማቱም ተጨማሪ ምልክቶች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ መታየቱ ብቻውን ጥፋቱን አያረጋግጥም፤ የጎማ አየር ማነስም ተመሳሳይ ምልክት ሊያሳይ ይችላል። ሁለት ወይም ሦስቱ በአንድነት ሲታዩ ግን ማስመዘን ተገቢ ነው።

በጭነት ላይ ሰው መጫን

የቀን ሠራተኞች በሲሚንቶ፣ በብሎኬት ወይም በአሸዋ ክምር ላይ ተቀምጠው ወደ ግንባታ ቦታ ሲሄዱ ይታያል። የጭነት መኪና ሰው እንዲይዝ የተፈቀደለት በጋቢናው ውስጥ ብቻ ነው። ቁጥሩም በሊብሬው ላይ በተመለከተው ልክ ይወሰናል። በካሶኒ ላይ መቀመጫ፣ ቀበቶና መያዣ ስለሌለ፣ መኪናው በድንገት ሲቆም ጭነቱና ሰው በአንድነት ወደ ፊት ይንሸራተታሉ። የጭነቱ ክብደት ከልክ በታች መሆኑ ይህን አይለውጠውም፤ አደጋው የሚመጣው ከመቀመጫው ዓይነት እንጂ ከክብደቱ ብቻ አይደለም። ሠራተኞችን የሚያሰማራ ባለ ግንባታ ወይም ተቋራጭ ለማጓጓዣ ለሰው የተፈቀደ ተሽከርካሪ ማዘጋጀት ይኖርበታል።

ሚኒባስ፦ የወንበር ልክና የክብደት ልክ

በአዲስ አበባ በታክሲነት የሚያገለግሉት ሚኒባሶች በአብዛኛው ከነሾፌሩ 12 ሰው እንዲይዙ የተፈቀደላቸው ናቸው። ቁጥሩ በሊብሬው ላይ ተመዝግቧል። በከተማ አውቶቡሶች ላይ ከመቀመጫው በተጨማሪ የቆመ ሰው የሚፈቀድበት አሠራር ለሚኒባስ አይሠራም፤ ከወንበር ልክ በላይ የተጫነ እያንዳንዱ ሰው ትርፍ ነው።

ተሳፋሪ «ቀጭን ሰዎች ስለሆንን አይከብደውም» የሚለው አስተያየት ሁለቱን ልኮች ያደባልቃል። የወንበር ልክ የሚጣሰው ተጨማሪ ሰው ሲገባ እንጂ ክብደት ሲበዛ አይደለም። የክብደት ልክ ደግሞ ሰው ሳይጨምር በዕቃ ብቻ ሊጣስ ይችላል።

ባዶ ክብደቱ 1,800 ኪሎ ግራም፣ ጠቅላላ የተፈቀደለት 2,800 ኪሎ ግራም የሆነ ሚኒባስ በምሳሌነት ቢወሰድ፣ ለሰውና ለዕቃ የሚቀረው 1,000 ኪሎ ግራም ነው። የአንድ ሰው ክብደት በአማካይ 65 ኪሎ ግራም ተብሎ ሲሰላ 12 ሰዎች 780 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ፤ ለዕቃ 220 ኪሎ ግራም ይቀራል። በምሽት ሰልፍ በረዘመ ጊዜ አምስት ትርፍ ሰዎች ሲጨመሩ ግን 17ቱ ሰዎች 1,105 ኪሎ ግራም ይሆናሉ። አንድም ዕቃ ሳይጫን ሚኒባሱ ከልኩ በ105 ኪሎ ግራም አልፏል። ከመርካቶ የተገዛ አንድ ኩንታል እህል በላዩ ሲጨመር ትርፉ 205 ኪሎ ግራም ይደርሳል።

ከድምሩ በላይ የሚያሳስበው ዕቃው የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ከኋላው አክስል ጀርባ የተቀመጠ ጭነት እንደ ሚዛን ማንሻ የፊቱን ጎማ ያነሣል። የአክስሎቹ ርቀት 2.4 ሜትር በሆነ ሚኒባስ፣ ከኋላው አክስል 80 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ 200 ኪሎ ግራም ዕቃ ቢጫን፣ የፊት አክስሉ 67 ኪሎ ግራም ገደማ ይቀልለዋል፤ የኋላው ደግሞ 267 ኪሎ ግራም ገደማ ይጨመርበታል። ፊቱ ሲቀልል መሪው ለሾፌሩ ትእዛዝ ዘግይቶ ይመልሳል፤ የፊት ፍሬንም በእርጥብ አስፋልት ላይ ቶሎ ይንሸራተታል። ዕቃው በፖርቶመጋላ ላይ ከሆነ ደግሞ የተሽከርካሪው ከባድ ክፍል ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ በአደባባይና በመታጠፊያ ላይ ወደ ጎን የመገልበጥ አደጋው ይጨምራል።

የጎማው አቅም በጎኑ ላይ በተጻፈው የጭነት ቁጥር ይታወቃል። ለምሳሌ በሚኒባስ ጎማ ላይ 106/104 የሚል ቁጥር ሲገኝ፣ ጎማው ነጠላ ሆኖ ሲገጠም 950 ኪሎ ግራም፣ ጥንድ ሆኖ ሲገጠም እያንዳንዱ 900 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ነው። ይህ አቅም የሚሠራው ጎማው በተወሰነለት የአየር መጠን ሲነፋ ብቻ ነው። ለአነስተኛ የቤት መኪና የተሠራ፣ ቁጥሩ ዝቅተኛ የሆነ ጎማ በሚኒባስ ላይ መግጠም፣ ሰው በወንበር ልክ ቢጫን እንኳ ከልክ በላይ እንደመጫን ነው።

ተገልጋዮች ሊያደርጉት የሚገባ

የግንባታ ዕቃ የሚገዛ ነዋሪ ውሉን በቢያጆ ሳይሆን በሜትር ኩብ ወይም በኩንታል ቢያደርግ የመጀመሪያው ጥቅም የራሱ ነው፤ የከፈለበትን መጠን ያውቃል። መኪናው ከመገልበጡ በፊት የካሶኒው ርዝመት፣ ወርድና አሸዋው የደረሰበት ከፍታ በሜትር ተለክተው ሲባዙ መጠኑ ይገኛል። ውጤቱ ለደረቅ አሸዋ በ1.6፣ ለእርጥብ አሸዋ በ1.8 ሲባዛ ክብደቱ በቶን ይታወቃል። ከሊብሬው ኩንታል ጋር ለማነጻጸር በ10 ማባዛት ይበቃል። መኪናው በሚዛን ጣቢያ አልፎ የመጣ ከሆነ የሚዛን ወረቀቱን መጠየቅ ተገቢ ነው። አቅራቢው ስፖንዳ በማስረዘም በአንድ ጉዞ እንዲያደርስ ገዢው ሊጠይቅ አይገባም፤ ከልክ በላይ የጫነ መኪና በር ላይ ያለውን ኮብልስቶን ወይም የቧንቧ መስመር ቢሰብር ጉዳቱ ቀድሞ የሚደርሰው በነዋሪው ላይ ነው።

የሚኒባስ ተሳፋሪ ከመሳፈሩ በፊት ወንበሮቹ ሞልተው እንደሆነ ማየት ይችላል። በወንበሮች መካከል ተጨማሪ መቀመጫ እንዲዘረጋ ወይም በሦስት ሰው ቦታ አራት እንዲቀመጡ ረዳቱ ሲጠይቅ፣ ተሳፋሪው እምቢ የማለት መብት አለው። ቅሬታ ለማቅረብ የሰሌዳው ኮድና ቁጥር፣ የተነሣበትና የሚሄድበት ቦታ፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ እንዲሁም የተቆጠረው የሰው ብዛት አስፈላጊ ናቸው። የታክሲዎች ሰሌዳ ኮድ 1፣ የንግድ ጭነት መኪኖች ደግሞ ኮድ 3 ነው። ሰሌዳው ካልተገለጸ ጥፋተኛውን መለየት ስለማይቻል፣ ቁጥሩ የሌለበት ጥቆማ ውጤት ላይ አይደርስም።

በከተማዋ መንገዶች ላይ የሚታይ ጥፋት በቅድሚያ የሚቀርበው በቦታው ላለ የትራፊክ ፖሊስ ነው። የታክሲ ትርፍ ጭነትን የተመለከተ ቅሬታ ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትራንስፖርት ቢሮ ወይም በየክፍለ ከተማው ላለው ጽሕፈት ቤት፣ የተጎዳ የከተማ መንገድን የተመለከተ ጥቆማ ለአዲስ አበባ ከተማ መንገዶች ባለሥልጣን፣ በፌዴራል መንገድ ላይ የታየ ከልክ በላይ ጭነት ደግሞ ለኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ይቀርባል። አደጋ ሲደርስ ወይም ከልክ በላይ የጫነ ተሽከርካሪ ለሕይወት አስጊ በሆነ ሁኔታ ሲገኝ ወደ ፖሊስ በ991 መደወል ይቻላል።